በአንድ መስኮትና በሁለት ርካሽ አምፖል ቃለ መጠይቅ መቅረጽ፦ ሐዋሳ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ የተማርኩት

ባለፈው ታኅሣሥ ሐዋሳ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪን ቃለ መጠይቅ ቀረጽኩ። ሁለት ጊዜ ነው የቀረጽኳቸው። የመጀመሪያው ስላልሆነ ሁለተኛ ቀን ልመለስ ግድ ሆነብኝ። ሁለቱም ቀን ቤቱ ያው ነው፣ መስኮቱ ያው ነው፣ ይዤ የሄድኩት ስልክና ሁለት መብራትም ያው ነው። የተለወጠው ወንበሮቹ የተቀመጡበት ቦታ፣ ሰዓቱና አንዱ አምፖል ነው፤ የተጨመረው ደግሞ አንድ ነጭ አንሶላ ብቻ። እናንተም ስልክና ትራይፖድ ይዛችሁ ሰው ቤት የምትቀርጹ ከሆነ፣ የደረሰብኝን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ነገሩ እንዲገባን በመጀመሪያ ስለ ሦስቱ መብራቶች ትንሽ ልበል። ኪ ላይት የሚባለው ዋናው ብርሃን ነው፤ የፊቱን ቅርጽ የሚሠራው እሱ ነው። ፊል ላይት ዋናው ብርሃን ባልደረሰበት የፊት ክፍል ላይ ያለውን ጥላ ያለሰልሳል። ባክ ላይት ደግሞ ከኋላ መጥቶ ፀጉርንና ትከሻን በቀጭን መስመር ይነካና ሰውየውን ከግድግዳው ይለያል። ስቱዲዮ ውስጥ ሦስቱም መብራቶች ናቸው፤ ያሻህ ቦታ ታቆማቸዋለህ። ሰው ቤት ስትሄድ ግን ትልቁ ብርሃንህ መስኮቱ ነው። መስኮት ደግሞ አይነሳም፣ አይዞርም፣ አይቀነስም። ስለዚህ የሚንቀሳቀሱት ሰዎቹና ካሜራው ናቸው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ያልገባኝ ይሄ ነው።

ያን ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የጀመርነው። ጋሼ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ሶፋ ግድግዳው ጥግ ነበር። እዚያው ይቀመጡ አልኩ፤ ማስቸገር መስሎኝ። መስኮቱ ከሳቸው ወደ ሦስት ሜትር ይርቃል። ብርሃኑ ስላነሰኝ አንዱን መብራት በቀጥታ ፊታቸው ላይ ለቀቅኩት፤ ሌላውን ከሶፋው ጎን መሬት ላይ አቆምኩት። ሁለቱም ቢጫ አምፖል ነበራቸው። ስልኩ ላይ ሳየው ደህና ይመስል ነበር። ጋሼም ሞቅ ብሏቸው ማውራት ጀመሩ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል አወሩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው መጀመሪያው ላይ ግራ ጉንጫቸው ሰማያዊ፣ ቀኝ ጉንጫቸው ብርቱካናማ ነው። መሀሉ ላይ ሰማያዊው እየጠፋ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ፊታቸው በሙሉ ቢጫ ነው፤ አፍንጫቸው ግድግዳው ላይ እስኪደርስ ጥላ ጥሏል። አንድ ሰው በሁለት የተለያየ ቀን ያወራ ነው የሚመስለው። ቆርጬ ልቀጥለው ብል፣ የ10 ሰዓት ተኩሉ መልስ ከ11 ሰዓት ተኩሉ መልስ ጋር በጭራሽ አይገጥምም። ቀለም ላስተካክል ብዬ ብዙ ታገልኩ። ፊቱን ስታቀናው ግድግዳው ይበላሻል፤ ግድግዳውን ስታቀናው ፊቱ። ምክንያቱም ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ብርሃኖች አንድ ፊት ላይ ተገናኝተዋል። አንድ ማስተካከያ ሁለቱንም አያስታርቅም።

ጋሼን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምን ችግር አለው ልጄ፣ ወሬው እንደሆን አላለቀብኝም» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስኩ።

አሁን ከመስኮቱ ጀመርኩ። ቤቱን ስገባ መብራቶቹን በሙሉ አጠፋሁ፤ የጣሪያውንም ጭምር። ወፍራሙን ቀይ መጋረጃ ጥግ ድረስ ሰበሰብኩት፤ ቀይ መጋረጃ የሚያሳልፈው ቀይ ብርሃን ነው። ስሱን ነጭ መጋረጃ ግን ተውኩት። ከዚያ የራሴን እጅ ዘርግቼ መስኮቱ ፊት ለፊት ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ጣቶቼ ላይ ያለውን ጥላ እያየሁ። መስኮቱ አጠገብ ጥላው ለስላሳ ነው፤ ከጣቱ ብሩህ ጎን ወደ ጨለማው ጎን ሲሄድ የት እንደተለወጠ አይታወቅም። ሦስት ሜትር ላይ ስደርስ ብርሃኑ ራሱ ደክሟል፤ የጥላው ጠርዝም ጠንክሯል። የቅርብ መስኮት ለፊት ትልቅ ነው፤ የሩቅ መስኮት ግን ትንሽ መብራት ይሆናል። ብርሃንን የሚያለሰልሰው ደግሞ ከፊቱ አንጻር ያለው ትልቅነት ነው። ስለዚህ የጋሼን ወንበር ከመስኮቱ አንድ ሜትር ከሃያ ላይ አስቀመጥኩት። ሶፋው ቀርቶ ከምግብ ጠረጴዛው ያመጣነው ወንበር ነው። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ራቀ። ይሄ ሁለተኛው ርቀት ቀላል አይደለም። የመስኮቱ ብርሃን ጋሼ ጋ በርትቶ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይደክማል፤ ከኋላቸው ያለው ነገር በራሱ ጊዜ ጨለም ይላል።

ቀጥሎ ያለው ነገር በእኔ እምነት የሥራው ግማሽ ነው፤ ጠያቂው የት ይቀመጥ የሚለው።

ብዙዎቻችን ጠያቂውን ካሜራው አጠገብ በየትኛውም ጎን እናስቀምጠዋለን። ግን ተጠያቂው የሚያየው ጠያቂውን ነው፤ ፊቱ የሚዞረው ወደዚያ ነው። ስለዚህ የጠያቂው ወንበር የፊቱን ብርሃን ይወስናል። ያን ቀን የሚጠይቀው ጓደኛዬ ነበር። በመስኮቱና በካሜራው መካከል አስቀመጥኩት። ከካሜራው ሲታይ መስኮቱ በቀኝ ከፍሬም ውጭ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ጓደኛዬ አለ፤ ከዚያ ስልኩ። ጋሼ ጓደኛዬን ሲያዩ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ገደማ ይዞራል። ብርሃኑ የሚያርፈው ከካሜራው ራቅ ያለው ጉንጭ ላይ ነው። ለካሜራው ቅርብ የሆነው ጉንጭ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ከዓይኑ ሥር ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ብቻ ይቀርለታል። ፊት ቅርጽ የሚይዘው በዚህ ጊዜ ነው። የጉንጩ አጥንት፣ የግንባሩ መስመር፣ ከከንፈር ሥር ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ ሁሉም ይታያል።

ልዩነቱን ለማየት ጓደኛዬን ተነስቶ በካሜራው ሌላ ጎን እንዲቀመጥ ጠየቅኩት። ጋሼ ወደሱ ዞሩ። የጋሼ ፊት ወዲያው እንደ መታወቂያ ፎቶ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ሰፊው ጉንጫቸው ሙሉ በሙሉ በርቶ ጥላው ካሜራው ከማያየው ጎን ተደበቀ። ከመብራት አንድም አልነካሁም። የነካሁት ወንበር ብቻ ነው። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት።

ጓደኛዬን ወደ ቦታው መለስኩት። አሁን የፊል ላይቱ ተራ ነው።

የጋሼ ሳሎን ግድግዳ በፈዛዛ አረንጓዴ የተቀባ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ መብራት ወደዚያ ግድግዳ ብታዞሩት ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን አረንጓዴ ነው። ፊት ላይ ሲያርፍ ሰውየው የታመመ ይመስላል። እኔ ከቤት ነጭ አንሶላ ይዤ ነበር። አንሶላውን ከመስኮቱ በተቃራኒ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከስልኩ ግራ በኩል ሰቀልኩት። አንገቱ የሚታጠፈውን የጠረጴዛ መብራት ከጋሼ ወደ አንሶላው አዞርኩት። አምፖሉ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ነው። ብርሃኑ አንሶላው ላይ ተንጣልሎ ወደ ጥላው ጉንጭ ይመለሳል። አምፖሉን በቀጥታ ፊት ላይ ብለቀው ኖሮ ትንሽና ጠንካራ ብርሃን ስለሆነ ሁለተኛ የአፍንጫ ጥላ ይጥል ነበር። አንሶላው ግን ራሱ ሌላ ደካማ መስኮት ሆነ።

ምን ያህል ይበቃል? መለኪያ መሣሪያ የለኝም። የማደርገው ይሄን ነው። ፊል ላይቱን አጥፍቼ አንድ ጊዜ አያለሁ፤ ከዚያ አበራዋለሁ። ሳበራው «መብራት በራ» ብዬ ካሰብኩ በዝቷል። የጥላው ጉንጭ የቆዳው ቀለም እስኪለይ ብቻ ብቅ ካለና ጥላው ጥላ ሆኖ ከቀረ በቂ ነው። አፍንጫውንም አያለሁ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ጥላ ካለው ፊል ላይቱ ከመስኮቱ ጋር እየተፎካከረ ነው ማለት ነው። ለመቀነስ ደግሞ አምፖል መቀየር አያስፈልግም። መብራቱን ከአንሶላው ማራቅ፣ ወይም ግማሹ ብርሃን ከአንሶላው ውጭ እንዲያልፍ ማጠፍ ይበቃል።

እዚህ ላይ ስለ አምፖሉ ቀለም ልናገር። የመጀመሪያ ቀን የነበሩኝ ቢጫ አምፖሎች ካርቶናቸው ላይ 3000K የሚል ነበራቸው። ነጭ የምንላቸው ግን 6500K ይላሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ቢጫነት፣ ሲጨምር ሰማያዊነት ነው። የጋሼ መስኮት ወደ ሰሜን ያያል። በታኅሣሥ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ፣ በዚያ መስኮት የሚገባው የፀሐይ ጨረር ሳይሆን የሰማዩ ብርሃን ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህ ለፊል ላይቱ 6500K የሚለውን ገዛሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ልዩነታቸው ለዓይን አይታይም። ርካሽ ነጭ አምፖል ለቆዳ ጥሩ ቀለም አይሰጥም፤ ቀይ የሆነውን ያደክማል፣ አንዳንዱ ትንሽ አረንጓዴ ይጨምራል። የፊቱን ቀለም የሚሰጠው ግን መስኮቱ ነው። አምፖሉ ጥላውን ብቻ ስለሚነካ ጉድለቱ ጎልቶ አይወጣም። ርካሽ መብራትን እንደ ኪ ላይት መጠቀም የማልወደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ባክ ላይቱ ትንሽ አስቸገረኝ። ሁለተኛውን መብራት፣ መቆንጠጫ ያለውን፣ ከጋሼ ኋላ ካለው ብፌ አናት ላይ አሰርኩት። ከመሬት ሁለት ሜትር አለፍ ይላል። ያስቀመጥኩት ከመስኮቱ በተቃራኒ ጎን ነው። ምክንያቱም መስኮቱ ያለበት ጎን ብሩህ ስለሆነ ከግድግዳው ራሱ ተለይቷል። ጠፍቶ ከጀርባው ጋር የሚቀላቀለው የጥላው ጎን ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳና ጥቁር ፀጉር ላለን ሰዎች ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። ያ ቀጭን መስመር ከጆሮ እስከ ትከሻ ሲያልፍ የጥላውን ጉንጭ ሳታበሩት ቅርጹ ይወጣል።

ነገር ግን ጋሼ ፀጉራቸው ከአናታቸው ሳስቷል። መብራቱን እንዳበራሁት አናታቸው ላይ የሳንቲም ያህል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ዓይን ሁሉ እዚያ ይሄዳል። ሁለት ነገር አደረግኩ። መብራቱን ከአናታቸው ኋላ ወደ ጎን ገፋሁት፤ አሁን የሚነካው አናታቸውን ሳይሆን ጆሮና ትከሻቸውን ነው። አምፖሉ ፊት ደግሞ ነጭ ወረቀት በአንድ ጎን ብቻ ለጠፍኩ፤ ሙቀት እንዲወጣ ከአምፖሉ አራት ጣት ርቆ። ይሄ የሚሆነው ለኤል ኢ ዲ ነው። የድሮው የሚግል አምፖል ከሆነ ወረቀት አታስጠጉበት፤ ይቃጠላል።

የባክ ላይት ስህተት የሚታወቀው በአፍንጫ ጫፍ ነው። የአፍንጫው ጫፍ ወይም የመነጽሩ ጠርዝ ከላይ ከበራ፣ መብራቱ ከኋላ አልፎ አናት ላይ ወጥቷል። ወደ ኋላ መልሱት። ምስሉ በሙሉ ነጣ ነጣ ካለ ደግሞ ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ስልኩ ሌንስ እየመጣ ነው። ከሌንሱ በላይ እጃችሁን እንደ ባርኔጣ ጥላ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከጠራ፣ በእጃችሁ ቦታ ካርቶን አስሩ። ለባክ ላይቱ አሮጌውን ቢጫ አምፖል ነው የተውኩለት። ፊት ላይ ስለማይደርስ ቀለሙ አያጣላም፤ ቤት ውስጥ የበራ መብራት ይመስላል። ይሄ የእኔ ምርጫ ነው። ነጭ የሚመርጥም አለ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ጋቢው ነበር። ጠዋት ቀዝቀዝ ስላለ ጋሼ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። መስኮቱ አጠገብ ሲቀመጡ ጋቢው ቦግ አለ። ስልኩ ነጩን ሲያይ ምስሉን አጨለመው፤ ፊታቸው ጠፋ። ጋቢውን ያውልቁ ማለት ደግሞ አልፈለግኩም። ጋሼን በጋቢያቸው ነው ሰው የሚያውቃቸው። «ጋሼ፣ ከመስኮቱ በኩል ያለውን ትከሻ ትንሽ ዝቅ ያደርጉልኛል?» አልኳቸው። ዝቅ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ጥቁር ሹራብ ብርሃኑን ዋጠው። በሌላኛው ትከሻና በጉልበታቸው ላይ የቀረው ጋቢ ግን ጠቀመን። ብርሃን ከሱ ተመልሶ ከአገጫቸው ሥር ያለውን ጨለማ አነሳው። ከዚያ ስልኩ ላይ ፊታቸውን ጫን ብዬ ያዝኩ፤ `AE/AF LOCK` ሲል ብርሃኑ ተቆለፈ። ጋቢው ላይ ያለው ሽመና እስኪለይ ድረስ ትንሽ ወደ ታች ሳብኩት። መቆለፉ ግዴታ ነው። ካልቆለፋችሁት ጋሼ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ስልኩ ፊታቸውን ያበራል ያጨልማል።

መነጽራቸው ላይ አንሶላው እንደ ነጭ ካሬ ይታይ ነበር። አንሶላውን ወደ ላይ አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ነጸብራቁም ከመነጽሩ ጠፋ። መነጽሩን አላስወለቅኩም። መነጽር የለመደ ሰው ሲያወልቅ ዓይኑ ይጠፋል።

መቅረጽ ከመጀመሬ በፊት አምፖሎቹን ደግሞ በስልኩ ፈተሽኩ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፤ ስልኩ ግን ከላይ ወደ ታች የሚሄዱ ጥቁር መስመሮች አድርጎ ያሳያል። ስልካችሁ የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ በእጅ የሚያስመርጥ ከሆነ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ መስመሮቹ ይጠፋሉ። ካልጠፉ አምፖሉን ቀይሩ።

3 ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ ቀረጻው የተጀመረው 4 ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ከዚያ እስከ 8 ሰዓት ድረስ የሰማዩ ብርሃን ብዙም አይለወጥም። የመጀመሪያ ቀን በጀመርኩበት ሰዓት ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀራትም ነበር። መስኮቱ በየደቂቃው ሲደክም አምፖሎቹ እንደነበሩ ቆዩ። ስለዚህ ፊል ላይቱ ሳላውቀው ኪ ላይት ሆነ።

ስለ መስኮቱ አቅጣጫ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አይገባበትም» የሚለው ምክር በብዛት የተጻፈው ከእኛ ራቅ ብለው በሰሜን ላሉ አገሮች ነው። ሐዋሳ ላይ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ሰኔ ላይ ከጋሼ መስኮት በጠዋት ሰያፍ ጨረር ሊገባ ይችላል። ያኔ የተሻለው የደቡብ መስኮት ነው። የምሥራቅ መስኮት ከሆነ ከሰዓት በኋላ፣ የምዕራብ መስኮት ከሆነ ጠዋት ቅረጹ። ጨረር ከገባባችሁና አማራጭ ከሌለ፣ ስሱን መጋረጃ እጥፍ አድርጉት ወይም ነጠላ ስቀሉበት።

ደመናም አለ። ያን ጠዋት ሁለት ጊዜ ደመና አለፈና መስኮቱ ደከመ፤ የጥላው ጉንጭና የብሩሁ ጉንጭ ሊተካከሉ ደረሱ። ለጓደኛዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ጋሼ ሐሳባቸውን እስኪጨርሱ ጠብቆ ውኃ አቀረበላቸው። ደመናው ሲያልፍ ቀጠልን። መሀል ላይ መልስ ማቋረጥ አልፈልግም፤ የተበላሸ ብርሃን ይሻላል።

ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው መብራት ሄደ። ፊል ላይቱም ባክ ላይቱም ጠፉ። ጋሼ ቀና ብለው «በቃ፣ አለቀ?» አሉ። አላለቀም ነበር። አንሶላውን ከግድግዳው አወረድኩና ጫፉን በእጄ ይዤ ከጥላው ጉንጭ አንድ ሜትር እስኪቀር አስጠጋሁት። የመስኮቱ ብርሃን እሱ ላይ አርፎ ወደ ጉንጫቸው ተመለሰ። ትከሻቸው ላይ የነበረው ቢጫ መስመር ጠፍቷል፤ ግድግዳው ግን ሁለት ሜትር ርቆ ጨለም ስላለ አሁንም ይለያሉ። ሳቀናብረው የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ከፊተኛው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አየሁ። ፊታቸው ያው ነው። የመጀመሪያ ቀኑን ቀረጻ ያን ሌሊት አጠፋሁት።